እንቅልፍ ላጣ ሰው «አልጋ ላይ የምትቆይበትን ሰዓት ቀንስ» የሚል ሕክምና

ብርሃን_ዘካዛንቺስ (ጠያቂ)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

እንቅልፍ ካጣሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የጀመረኝ እናቴን ሳስታምም ሲሆን፣ በሆስፒታሉ ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፌ ስተኛ እሷ ባቃሰተች ቁጥር ብድግ እል ነበር። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏል፤ ሐዘኑም እያደር ለዘብ ብሎልኛል፤ እንቅልፌ ግን እንደ ሄደ ቀረ። አሁን የሚቀሰቅሰኝ ሰው ሳይኖር፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ዓይኔ በራሱ ይፈጣል፤ ከዚያ በኋላ ዶሮ እስኪጮኽ ስገላበጥ አድራለሁ።

«ቶሎ ከተኛሁ ቢያንስ ጥቂት አገኛለሁ» በማለት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አልጋዬ ውስጥ እገባለሁ፤ የምነሣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። የሚገርመኝ ነገር ቢኖር፣ እራት በልተን ዜና ስናይ ሶፋው ላይ ራሴን መሸከም እስኪያቅተኝ ድረስ ማንቀላፋቴ ነው። ባለቤቴ «ሂጂ ተኚ እንጂ» ብሎኝ ተነሥቼ ብርድ ልብሱን ስገልጥ ግን ያ ሁሉ እንቅልፍ እንደ ጉም ይበናል።

በመጨረሻ ወደ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ሄድኩ። ለሁለት ሳምንት በየጠዋቱ ስንት ሰዓት እንደተኛሁ እንድመዘግብ አደረገችኝ። መዝገቡን ካየች በኋላ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል በፊት አልጋ ውስጥ እንዳልገባ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ በምንም ምክንያት ቢሆን እንድነሣ፣ በመካከል እንቅልፍ እምቢ ካለኝም ከአልጋው ወጥቼ ሌላ ክፍል እንድቀመጥ ነገረችኝ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ስለነበር ምክንያቱን በቅጡ ሳልረዳ ወጣሁ። እንቅልፍ ለተራበ ሰው እንቅልፍ ቀንሺ ማለት እንዴት ሕክምና ይሆናል? ይህን ያደረገ፣ ወይም የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መምህር_በጡረታ

ልጄ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ነፍሷን ይማርልሽ። እኔ የ71 ዓመት ሰው ነኝ፤ ሳስተምርም ሆነ ልጆች ሳሳድግ ያየሁትን ልንገርሽ። ሰው ስምንት ሰዓት መተኛት አለበት። እንቅልፍ ባይመጣ እንኳ በጨለማ ጸጥ ብሎ መጋደም የእንቅልፍ ግማሹ ነው፤ ሰውነት ያርፋል። ስለዚህ ከአልጋ ውጪ የሚለው ምክር ለእኔ አልተዋጠልኝም። ይልቁንስ ከምሳ በኋላ ቡና አትቅመሺ፤ ጎረቤት ማታ ጠርቶ ሦስተኛውን ስኒ ሲያቀርብልሽም በትሕትና አመስግነሽ ተዪው። ከመተኛትሽ በፊት ደግሞ ለብ ያለ ወተት ጠጪ።

ሳይኮሎጂስት_ሐዋሳ

በዚህ ሙያ አሥር ዓመት ሠርቻለሁ፤ ጥያቄው ተገቢ በመሆኑ ሰፋ አድርጌ ለመመለስ እሞክራለሁ።

አባታችን ስለ ቡና ያሉት ትክክል ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር በአንጎላችን ውስጥ እየተጠራቀመ የእንቅልፍን ጫና ይጨምራል፤ ካፌይን ደግሞ አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። ቡናው ከተጠጣ ከአምስት ሰዓት በኋላም እንኳ የካፌይኑ ግማሽ ያህሉ በደም ውስጥ ይኖራል። መጋደም የእንቅልፍ ግማሽ ነው የሚለው ግን፣ ለጤናማ ሰው የማይጎዳ አባባል ቢሆንም፣ እህታችን ላለችበት ሁኔታ በሽታውን የሚቀልብ ምክር ነው።

እስቲ የእህታችንን ነገር በሁለት ከፍለን እንመልከተው። እንቅልፍ ማጣቷን የቀሰቀሰው የእናቷ ሕመም ነበር። ያ ምክንያት ካለፈ ቆይቷል። ዛሬ እንቅልፍ ማጣቱን እያቆየው ያለው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም እንቅልፍ ስላጣች የጀመረችው ልማድ ነው፤ ቶሎ መግባት፣ ነቅቶ መጋደም፣ አርፍዶ መነሣት። አርተር ስፒልማን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ የአልጋ ጊዜን የመገደብን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1987 ከባልደረቦቹ ጋር ሲያሳትም መነሻ ያደረገው ይህንኑ ልዩነት ነው፤ በሽታውን ያመጣው ነገርና በሽታውን ያቆየው ነገር አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። በመዝገብዎ ላይ በአማካይ የተኙት ስንት ሰዓት እንደሆነ አልነገሩንም፤ ነገር ግን የተሰጠዎት መስኮት፣ ማለትም አልጋ ላይ እንዲቆዩ የተፈቀደልዎት ጊዜ፣ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ስለሆነ፣ አምስት ሰዓት ተኩል ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። ይህ ከሆነ አልጋ ላይ ካለፉት ሰዓታት ውስጥ እንቅልፍ የሆነው 58 በመቶው ብቻ ነው፤ የቀረው አራት ሰዓት ነቅቶ መጨነቅ ነው። ባለሙያዋ የቀነሰችብዎ እንቅልፉን አይደለም፤ ያን አራት ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሎ ሲቆረጥም የዋለ ሰው ማዕድ ሲቀርብ እንደማይበላ ሁሉ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ሸለብ ነቃ የሚል ሰውም ሌሊቱ ሲጋመስ የሚያስተኛው ጫና አይተርፈውም። መስኮቱ ሲጠብ ጫናው ይጠራቀማል፤ የተበታተነው እንቅልፍ ይሰበሰባል። ከዚያ መስኮቱ በየሳምንቱ በ15 ደቂቃ ይሰፋል። ስለዚህ አምስት ሰዓት ተኩሉ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም።

ሁለተኛው ትእዛዝ፣ ማለትም እንቅልፍ እምቢ ሲል ከአልጋ መውጣት፣ ከሌላ ሰው የመጣ ነው። ሪቻርድ ቡትዚን የተባለ ሌላ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበው ሲሆን፣ የሚያስተናግደው እርስዎ በሶፋው የገለጹትን ነገር ነው። ሶፋ ላይ ለመተኛት ሞክረው ስለማያውቁ ሶፋው ስለ ንቃት ያስተማረዎ ነገር የለም። አልጋው ግን ለሁለት ዓመት በየሌሊቱ አስተምሮዎታል። ቡና ሲቆላ ሽታው ብቻ ምራቅ እንደሚያመጣ ሁሉ፣ የብርድ ልብሱ መገለጥ ብቻ ልብዎን ያነቃዋል። ይህ ትምህርት በምክር አይፋቅም፤ የሚፋቀው አልጋው ላይ ከእንቅልፍ በቀር ሌላ ነገር እንዳይሆን በማድረግ ነው። ስለዚህ እንቅልፍ ዓይንዎ ላይ ሲዞር ብቻ ይገባሉ፤ 15 ወይም 20 ደቂቃ ያህል አልፎ እንቅልፍ ካልመጣ ይወጣሉ፤ እንደገና ሲያንቀላፉ ይመለሳሉ፤ ሌሊቱን አምስት ጊዜም ቢሆን። ደቂቃውን በግምት እንጂ በሰዓት አይቁጠሩት፤ ሰዓት ማየት ራሱ ያነቃል። ከባልና ሚስት ጉዳይ በቀር ሌላው ሁሉ፣ ስልክ ማየቱም ሆነ የነገ ሥራ ማሰቡ፣ ከአልጋ ውጭ ይሁን።

እመቤት_ቀጨኔ

ጥሩ ትምህርት ነው። ባለቤቴም እንቅልፍ አይጠግብም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝቶ ጠዋት 1 ሰዓት ይነሣል፤ ቢሆንም ቀን ወንበር ላይ ያሸልበዋል፤ ባለፈው ጊዜ ታክሲ ውስጥ ተኝቶ መውረጃውን አልፎ ሄዷል። ሌሊት በጣም ያንኮራፋል፤ አንዳንዴም ትንፋሹ ቆም ብሎ እንደ መታነቅ ያደርገዋል። የእርሱንም የአልጋ ሰዓት ልቀንስበት?

ሳይኮሎጂስት_ሐዋሳ

በጭራሽ አይቀንሱበት። የባለቤትዎ ችግር ሌላ ነው። እህታችን አልጋ ውስጥ ሆና መተኛት ያቅታታል፤ ባለቤትዎ ግን ተኝቶ አይጠግብም። ማንኮራፋቱ ላይ የትንፋሽ መቆሙ ሲጨመር፣ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። የደም ግፊቱንም ያስለኩት። ሲተኛ ድምፁን በስልክዎ ቀድተው ይዘው ቢሄዱ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል።

ዮናስ_ባሕር_ዳር

እኔ ይህን ዘዴ ከኢንተርኔት አንብቤ ብቻዬን ሞክሬዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር አልሠራልኝም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በፊት አልተኛሁም፤ 12 ሰዓት ላይም ተነሣሁ። ዓርብ ላይ እንደ ሰካራም እየተንገዳገድኩ ስለነበር ቅዳሜና እሑድ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ተኛሁ። እሑድ ማታ ግን ዓይኔ እንደ ፈጠጠ ነጋ፤ ሰኞ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆኖ ተውኩት። በእኔ አስተያየት ሥራ ላለው ሰው የሚሆን አይደለም።

ሳይኮሎጂስት_ሐዋሳ

ወንድሜ፣ ከባዱን ክፍል በሚገባ ፈጽመኸዋል፤ ያፈረሰብህ ቅዳሜና እሑድ ነው። ሰኞ ዕለት 12 ሰዓት ላይ የተነሣ ሰው ማታ 7 ሰዓት ድረስ 19 ሰዓት ነቅቶ ይቆያል። እሑድ ረፋዱ 4 ሰዓት የተነሣ ሰው ግን ሌሊት 7 ሰዓት ሲደርስ ገና 15 ሰዓቱ ነው፤ በዚያ ላይ ሁለት ሌሊት ሙሉ ተኝቶ ጫናውን አራግፏል። የአንጎል ሰዓት ደግሞ ጠዋት ብርሃን በሚያይበት ጊዜ ይቃኛል፤ ሁለት ቀን አራት ሰዓት ዘግይቶ ካየ ሰኞን በሌላ አገር እንደሚያሳልፍ ሰው ይሆናል። የመኝታ ሰዓት ሊዋልል ይችላል፤ የመነሻ ሰዓት ግን ሰባቱንም ቀን አንድ መሆን አለበት። ለታካሚዎቼ ሁሉ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ይህን ነው፤ ብዙዎቹም የሚሰናከሉት እዚሁ ላይ ነው።

ሥራ ላለው ሰው አይሆንም ባልከው ላይ ግን ከፊል እውነት አለህ። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት በእርግጥ ያደክማሉ፤ ንቃትም እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ያን ለታካሚ አስቀድሞ አለመንገር የባለሙያ ጥፋት ነው እላለሁ።

የአሌክሳንድሪያው_ሾፌር

ከቨርጂኒያ ነው የምጽፈው። ሌሊት ከኤርፖርት መንገደኛ አመላልሳለሁ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት እነዳለሁ። ቤት ስገባ ልጆቹ ለትምህርት ቤት ይነሣሉ፤ እኔ መጋረጃውን ዘግቼ እጋደምና ዓይኔን ሳልከድን ቀትር ይሆናል። ከስምንት ሰዓት መጋደም አራት ሰዓት ብተኛ ነው። ነገ ልጀምረው አስቤያለሁ፤ አራት ሰዓት ብቻ አልጋ ላይ ልቆይ?

ሳይኮሎጂስት_ሐዋሳ

ወንድሜ፣ እባክህ ነገ አትጀምረው። በመጀመሪያ፣ መስኮቱ አራት ሰዓት ሊሆን አይገባም። መዝገቡ አራት ሰዓት ቢልም፣ ዛሬ አብዛኞቻችን ከአምስት ሰዓት በታች አንወርድም። ሁለተኛውና ከባዱ፣ አንተ መሪ ላይ የምትቀመጥ ሰው ነህ፤ መንገድ ላይ የሚመጣ የሦስት ሰከንድ ማንቀላፋት ላንተም ለተሳፋሪህም ይበቃል። ለሾፌር፣ ለማሽን ሠራተኛ፣ የሚጥል በሽታ ላለበት፣ በእንቅልፍ ልቡ ለሚሄድ ሰው ይህ ጥብቅ ዘዴ በራስ ፈቃድ የሚሞከር አይደለም። ባይፖላር የሚባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመም ላለበት ሰውማ የእንቅልፍ ማነስ ራሱ ማኒያ ወደሚባለው ከልክ ያለፈ የስሜት መጋጋል ሊገፋው ስለሚችል ከሐኪሙ ጋር ሳይመካከር ማንም እንዳይነካው።

ላንተ የሚሆነው ቀስ ያለው መንገድ ነው፤ ስምንቱን ሰዓት በአንድ ጊዜ ከመቁረጥ በየሳምንቱ 15 ወይም 20 ደቂቃ እየቀነስክ ወደ እንቅልፍህ መጠን ማስጠጋት። ከአልጋ የመውጣቱን ደንብ ግን ነገም ልትጀምረው ትችላለህ። ያም ሆኖ የሌሊት ሠራተኛ እንቅልፍ ማጣት ከአንጎል ሰዓት ጋር የሚደረግ ግብግብ ስላለበት፣ በዚህ ዘዴ ብቻ ይፈታል ብዬ ቃል አልገባልህም። እዚያ አገር የእንቅልፍ ክሊኒኮች ስላሉ የሥራ ሰዓትህን ጭምር አይቶ የሚያክምህ ባለሙያ ብታገኝ ይሻላል።

የልጆች_እናት_ጎፋ

ሁላችሁም «ሌላ ክፍል ሂዱ» ትላላችሁ። እኛ የምንኖረው በኪራይ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። አልጋው ላይ እኔ፣ ባለቤቴና ትንሿ ልጄ፤ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግተን ሁለቱ ወንዶች። ሌሊት ብነሣ መብራት ማብራት አልችልም፤ ግቢው ውስጥ ብወጣ ውሻው ይጮኻል። ይህ ሕክምና ሳሎን ላለው ሰው ብቻ ነው?

ሳይኮሎጂስት_ሐዋሳ

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ከብዙ ታካሚዎቼ ሰምቼዋለሁ፤ ቡትዚን ያሰበውም ሌላ ክፍል ያለውን ቤት እንደነበር አልክድም። ዋናው ቁም ነገር ግን ክፍሉ አይደለም። አንጎል መለየት ያለበት «ይህ የመተኛ ቦታ ነው፣ ያ የመንቂያ ቦታ ነው» የሚለውን ነው። በሩ አጠገብ በርጩማ ማስቀመጥ ከተቻለ፣ ጋቢ ተከናንቦ እዚያ መቀመጥ በቂ ነው። እርሱም ካልተቻለ አልጋው ግርጌ ላይ እግርን መሬት አስነክቶ፣ ትራሱን ትቶ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ይቻላል፤ ከአልጋ ሳይወጡ ቁጭ ማለትም ተሞክሮ የረዳበት ጊዜ አለ። እንደ መውጣቱ ይሠራል ብዬ ግን አልምልልዎትም። መብራት ባይኖር ይሻላል እንጂ አይከፋም። ከሁሉ የሚያስፈልገው ተጋድሞ መታገል መቆሙ ነው።

መምህር_በጡረታ

ባለሙያው ያስረዱት ገብቶኛል፤ ስለ መጋደም ያልኩትንም በከፊል አነሣለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስነቃ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ጸሎት አደርሳለሁ፤ አንዳንዴ በመካከሉ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ለ20 ዓመት እንዲህ አድርጌያለሁ። እኔን ከአልጋ ማስወጣት የጸሎት ሰዓቴን መንካት ነው።

ሳይኮሎጂስት_ሐዋሳ

አባቴ፣ እርስዎን ከአልጋ የሚያስወጣ ምክንያት አላይም። በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሌሊት፣ ቢያንስ ለሦስት ወር እንቅልፍ አጥቶ፣ ቀኑንም የሚያበላሽበትን ሰው ነው የምናክመው። እርስዎ ሌሊት ነቅተው ይጸልያሉ፤ ደስ ብሎዎት ይነሣሉ፤ ይህ በሽታ አይደለም። በዕድሜ ደግሞ እንቅልፍ መሳሳቱና ሌሊት መንቃቱ የተለመደ ነው። ለእህታችን ግን «እንቅልፍ እንዲመጣልኝ ልጸልይ» ብላ አልጋ ውስጥ ከጀመረች ጸሎቱ ሳይቀር የእንቅልፍ ጥበቃ ይሆንባታል። ለእርሷ በርጩማው ላይ ብታደርሰው ይሻላል እላለሁ።

መምህር_በጡረታ

በዚህስ አልስማማም፤ ጸሎት በጠየቁበት ቦታ ሁሉ ጸሎት ነው። ሆኖም የእርሷን ሕክምና አላበላሽባትም።

ብርሃን_ዘካዛንቺስ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት ስላለፈኝ የሆነውን ልንገራችሁ።

ባለሙያው እንደገመቱት በመዝገቤ የተኛሁት በአማካይ አምስት ሰዓት ተኩል ነበር። ከሁሉ የከበደኝ ሌሊት መነሣቱ አልነበረም፤ እስከ 6 ሰዓት ተኩል መቆየቱ ነበር። የመጀመሪያው ማታ ሶፋው ላይ ከተቀመጥኩ እንደምሸነፍ ስለገባኝ ወጥ ቤት ቆሜ ምስር ለቀምኩ። 5 ሰዓት ሲሆን ምስሩ አለቀ፤ ሽሮውን ነፋሁ፤ የልጆቹን ዩኒፎርም ተኮስኩ። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ስገባ ትራሱን እንደነካሁ ተኝቻለሁ፤ ይህ ከሁለት ዓመት ወዲህ ሆኖልኝ አያውቅም። እንደ ልማዴ 8 ሰዓት ላይ ነቃሁ። ትንሽ ጠብቄ ተነሥቼ ወጥ ቤት በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ፤ ብርዱ እስከ አጥንቴ ገባ፤ አለቀስኩም። 9 ሰዓት ገደማ ጭንቅላቴ ሲወድቅ ተመለስኩ። ከሁለተኛው ማታ ጀምሮ ጋቢዬን በርጩማው ላይ አስቀምጬ መተኛት ጀመርኩ።

በመጀመሪያው ሳምንት ከአምስት ሰዓት ተኩሉ የተኛሁት አራት ሰዓት ተኩል ነው። ከፋብኝ ብዬ ባለሙያዋ ጋ ደወልኩ። እሷ ግን «82 በመቶ ደርሰሻል፤ አትቀንሺ፣ አትጨምሪ፣ ሳምንት ድገሚ» አለችኝ። ቀኑ ከባድ ነበር፤ ሁለት ጊዜ የሒሳብ ሰነድ ላይ ተሳስቼ አለቃዬ መልሳልኛለች። በሁለተኛው ሳምንት አራት ሰዓት ከ55 ደቂቃ ተኛሁ፤ 89 በመቶ ሆነ፤ 15 ደቂቃ ተጨመረልኝና ከ6 ሰዓት ከሩብ ጀምሮ መግባት ቻልኩ። በሦስተኛው ሳምንት አምስት ሰዓት ከ10 ደቂቃ። ሰዓቱ ከድሮው ያነሰ ነው፤ ነገር ግን አንድ ወጥ እንቅልፍ ነው። ከሰባቱ ሌሊት አራቱን ከአልጋ ሳልወጣ ነጋ። ጥያቄዬ፣ መቼ ነው የምትጨምርልኝና መቼ ነው የምትቀንስብኝ የሚለው ነው።

ሳይኮሎጂስት_ሐዋሳ

እንባው አይግረምዎ፤ ያን የሌሊቱን በርጩማ ብዙ ሰው አልቅሶበታል፤ ጋቢውን አስቀድሞ ማስቀመጡ ደግሞ ትክክለኛ ዘዴ ነው።

ባለሙያዎ የተለመደውን መለኪያ ነው የተጠቀመችው። በሳምንቱ አማካይ አልጋ ላይ ከነበረው ጊዜ 85 በመቶው ወይም ከዚያ በላይ እንቅልፍ ከሆነ 15 ደቂቃ ይጨመራል፤ በ80 እና በ85 መካከል ከሆነ ባለበት ይቆያል፤ ከ80 በታች ከወረደ ይቀነሳል። ስፒልማን ራሱ መጀመሪያ ላይ ለመጨመር 90 በመቶ ይጠይቅ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ሰው ይህን አለዝቦታል። የትኛው እንደሚሻል በሙያው ውስጥም አልተቋጨም። እኔ ለመኪና ነጂና ለአረጋዊ ለስላሳውን እመርጣለሁ። የአንድ ሌሊት ውጤት ግን በፍጹም መለኪያ አይሁንዎ፤ አንድ ክፉ ሌሊት ሳምንቱን አያበላሽም።

ሰነዱ ላይ መሳሳትዎን አቅልለው አይዩት። እስኪጠነክሩ ድረስ ትልልቅ ሒሳቦችን ሌላ ሰው አብሮ ቢያያቸው ጥሩ ነው።

ዮናስ_ባሕር_ዳር

እኔ እንደገና ጀምሬያለሁ፤ እሑድም 12 ሰዓት ላይ ተነሣሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ለሁለት ዓመት ማታ ማታ ዳያዜፓም እወስዳለሁ። ጎን ለጎን ልተወው?

ሳይኮሎጂስት_ሐዋሳ

በአንድ ጊዜ እንዳትተወው፤ ለዓመታት የተወሰደ ዳያዜፓም በድንገት ሲቋረጥ እንቅልፍን ከበፊቱ ያብሳል፤ አንዳንዴም የሰውነት መንቀጥቀጥ ያመጣል። ያዘዘልህ ሐኪም በሳምንታትና በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ያወርድልህ፤ መጀመሪያ ግን ይህን ዘዴ ጥቂት ሳምንት ሠርተህበት እንቅልፍህ ሲጠነክር ማውረዱ ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ ለሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ከመድኃኒት በፊት እነዚህን ዘዴዎች የያዘው የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና ይሰጥ ብሎ መክሯል፤ አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው። ሕክምናውን ለመስጠት ሁልጊዜ ሳይኮሎጂስት አያስፈልግም፤ በእንግሊዝ የሠለጠኑ ነርሶች በጤና ጣቢያ ውስጥ የአልጋ ጊዜን መገደብ ለ642 ሰዎች በተደረገ ጥናት ሲሰጡት ለውጥ ማምጣቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ታትሟል። የኛ ጤና ጣቢያዎች ነርሶች ቢሠለጥኑበት ስንቱን ሰው ከእንክብል ባዳንነው ነበር ብዬ ሁልጊዜ እመኛለሁ።

ብርሃን_ዘካዛንቺስ (ጠያቂ)

ስምንተኛውን ሳምንት ጨርሻለሁ፤ ውጤቱን ላስቀምጥ። በአራተኛው ሳምንት መስኮቱ ስድስት ሰዓት ሆኖ አምስት ሰዓት ተኩል ተኛሁ። በአምስተኛው ስድስት ከሩብ፣ የተኛሁት አምስት ከ45። በስድስተኛው ስድስት ተኩል ሲሆን የተኛሁት አምስት ከ50፤ 90 በመቶ ነበር። በሰባተኛው ስድስት ከ45 ሆኖ እንቅልፌ እዚያው አምስት ከ50 ላይ ቆመ፤ 86 በመቶ። በስምንተኛው ሳምንት ሰባት ሰዓት ሲፈቀድልኝ ግን ደስ ብሎኝ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ገባሁ፤ የጨመርኩት እንቅልፍ አምስት ደቂቃ ብቻ ሆነ፤ 8 ሰዓት ላይ መንቃቱም ሁለት ሌሊት ተመልሶ መጣ።

እውነቱን ለመናገር አዝኛለሁ። ስምንት ሰዓት እደርሳለሁ ብዬ ነበር። ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የኔ ድርሻ?

ሳይኮሎጂስት_ሐዋሳ

ሰውነትዎ በራሱ ነግሮዎታል። መስኮቱ ከስድስት ሰዓት ተኩል ወደ ሰባት ሲሰፋ እንቅልፉ ያልተከተለው ለጊዜው ወሰኑ እዚያ ስለሆነ ነው። የመግቢያ ሰዓትዎን ወደ ምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ይመልሱና ሦስት ወይም አራት ሳምንት እዚያው ይቆዩ። አንዳንድ ሰው ከዚያ በኋላ በወራት ውስጥ ሌላ ግማሽ ሰዓት ይጨምራል፤ አንዳንዱም እዚያው ይቀራል፤ እርስዎ ከየትኛው እንደሆኑ ከአሁኑ ልነግርዎ አልችልም። ስምንት ሰዓት የሁሉም ሰው ልክ አይደለም። እኔ የምጠይቅዎ ሌላ ነገር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ እንዴት ነዎት?

ብርሃን_ዘካዛንቺስ (ጠያቂ)

ከሰዓት በኋላ ደህና ነኝ። ሰነድ አልተመለሰብኝም። ማታ ሶፋው ላይም አላንቀላፋም፤ ባለቤቴ «ዛሬስ ዜናውን እስከ መጨረሻው አየሽው» አለኝ።

የልጆች_እናት_ጎፋ

እኔም በሩ አጠገብ በርጩማ አስቀምጬ ጀምሬ ነበር። ሦስተኛው ሌሊት ላይ ትልቁ ልጄ ነቅቶ «እማ፣ ለምን ጨለማ ውስጥ ትቀመጫለሽ?» አለኝና ሁሉም ነቁ። አሁን አልጋው ግርጌ ላይ መቀመጥ ጀምሬያለሁ። አምስተኛ ቀኔ ነው፤ ትናንት ሁለት ጊዜ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ ተጋድሜያለሁ። ለልጄ ምን ብዬ ላስረዳው?

መምህር_በጡረታ

ልጄ፣ እውነቱን ንገሪው። «እማዬ እንቅልፏን እየጠበቀች ነው፤ ሲመጣ ትተኛለች፤ አንተም ተኛ» በዪው። ልጆች የሚፈሩት ያልተነገራቸውን ነው።